የሁለት ቃላትን ርቀት በሠንጠረዥ መለካት

የአርትዖት ርቀት የሚባለው አንድን ቃል ወደ ሌላ ቃል ለመለወጥ የሚያስፈልገው ትንሹ የእርማት ብዛት ነው። የሚፈቀዱት እርማቶች ሦስት ናቸው፤ ፊደል መጨመር፣ ፊደል መሰረዝና አንዱን ፊደል በሌላ መተካት። እያንዳንዱ እርማት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው የሶቪየት ኅብረት የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን ነው። ዛሬ የፊደል ግድፈት የሚያርሙ ፕሮግራሞች ለተሳሳተው ቃል ቅርብ የሆኑትን ትክክለኛ ቃላት ለመፈለግ ይጠቀሙበታል።

«ምርት» የሚለው ቃል «ትምህርት» እንዲሆን ስንት እርማት ያስፈልገዋል? ቃላቱ አጫጭር ስለሆኑ መልሱ በዓይን ይታያል፤ ከፊት «ት»፣ ከመካከል «ህ» ቢጨመር ይበቃል፤ ርቀቱ 2 ነው። ኮምፒውተር ግን በዓይን አይቶ መገመት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ትናንሽ ጥያቄዎች ከፋፍሎ መልሶቹን በሠንጠረዥ ይይዛል። የመነሻው ቃል ፊደላት ከላይ ወደ ታች፣ የመድረሻው ቃል ፊደላት ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። ከሁለቱም በፊት ለባዶ ቃል የሚሆን አንድ ቦታ ይተዋል። በመሆኑም ሦስት ፊደል ያለው ቃል አራት ረድፍ፣ አምስት ፊደል ያለው ቃል ስድስት ዓምድ ይፈልጋል።

| | ባዶ | ት | ም | ህ | ር | ት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ባዶ | 0 | 1 | 2 | 3 | 4 | 5 |
| ም | 1 | 1 | 1 | 2 | 3 | 4 |
| ር | 2 | 2 | 2 | 2 | 2 | 3 |
| ት | 3 | 2 | 3 | 3 | 3 | 2 |

በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር፣ እስከዚያ ረድፍ ያለው የመነሻ ቃል ክፍል እስከዚያ ዓምድ ወዳለው የመድረሻ ቃል ክፍል ለመለወጥ የሚጠይቀው እርማት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ አሞላልም ከዚሁ ትርጉም ይመነጫል። ከባዶ ተነሥቶ «ት» ለመድረስ አንድ ፊደል፣ «ትም» ለመድረስ ሁለት ፊደል መጨመር የግድ ነው፤ ረድፉም 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓምድ ተቃራኒውን ይናገራል፤ «ምርት»ን ወደ ባዶ ለመመለስ ሦስቱም ፊደላት መሰረዝ ስላለባቸው 0፣ 1፣ 2፣ 3 ይሆናል።

የቀሩት ሳጥኖች ከላይ ወደ ታች፣ በየረድፉም ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላሉ፤ እያንዳንዱ ሳጥን ቀድመው የተሞሉ ሦስት ጎረቤቶችን ይጠይቃልና። ከላይ ያለው ሲደመር አንድ መሰረዝን፣ ከግራ ያለው ሲደመር አንድ መጨመርን ይወክላል። በሰያፍ ከላይ በስተግራ ያለው ደግሞ ሁለቱ ፊደላት አንድ ከሆኑ እንዳለ ይወሰዳል፤ ከተለያዩ የመተካት አንድ ይደመርበታል። ከሦስቱ ትንሹ ይጻፋል። ለምሳሌ በ«ም» ረድፍና በ«ም» ዓምድ መገናኛ ላይ ከላይ ያለው 2፣ ከግራ ያለው 1፣ በሰያፍ ያለውም 1 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሲጨመርባቸው 3 እና 2 ይሆናሉ፤ ፊደላቱ ስለሚመሳሰሉ ሦስተኛው 1 እንደሆነ ይቀራል፤ የሚጻፈውም እሱ ነው። በዚህ አኳኋን ሲቀጠል መጨረሻው ሳጥን፣ ከታች በስተቀኝ፣ 2 ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት የመጀመሪያውን ረድፍና ዓምድ በሙሉ በዜሮ መተው ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም፤ ሌሎቹን ሳጥኖች በትክክለኛው ደንብ ሞልቶ ለዚሁ ጥያቄ 1 ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱም በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለው ዜሮ ከፊት ያለው «ት» ያለ ዋጋ እንደተጨመረ ይቆጥራል። ዜሮ የተሞላ የመጀመሪያ ረድፍ ለሌላ ሥራ ይጠቅማል፤ አጭር ቃልን በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ከየትኛውም ቦታ ጀምሮ ለመፈለግ። የሁለት ሙሉ ቃላትን ርቀት ለመለካት ግን አይሆንም።

ስሕተቱን የሚያጋልጡ ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ። አንደኛው ርዝመትን ማነጻጸር ነው፤ ርቀቱ ከሁለቱ ቃላት የርዝመት ልዩነት ሊያንስ፣ ከረጅሙ ቃል ርዝመትም ሊበልጥ አይችልም። ሦስትና አምስት ፊደል ባላቸው ቃላት መካከል 1 የሚል መልስ ሊገኝ ስለማይችል ስሕተቱ ወዲያውኑ ይታወቃል። ሁለተኛው ባዶ ቃልን ከ«ትምህርት» ጋር ማነጻጸር ነው፤ መልሱ 5 ካልሆነ የመጀመሪያው ረድፍ አልተሞላም ማለት ነው።

ሠንጠረዡ በትክክል ቢሞላም የሚቆጥረው የፊደላትን ቅርጽ እንጂ ድምፅን አይደለም። «ምህረት» እና «ምሕረት» ለአማርኛ አንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለሠንጠረዡ ግን በአንድ እርማት ይራራቃሉ። ስለዚህ ለአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራም ከመለካቱ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነዝርያቸው ወደ አንድ መልክ ማምጣት አለበት።