ሳህኑን ገልብጡት

እ.ኤ.አ. በ1603 ሳንታ ካታሪና የተባለች የፖርቱጋል መርከብ ከዛሬዋ ሲንጋፖር አጠገብ በሆላንድ መርከበኞች እጅ ወደቀች። ከጫነችው ሐር ጋር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰማያዊና ነጭ የቻይና ፖርሴሊን ተገኘባት፤ ጭነቱም በተከታዩ ዓመት አምስተርዳም ላይ በጨረታ ተሸጠ። ሆላንዶች «ክራክ» የሚሉት ይህ ዕቃ ስስ ነው፤ የሳህኑ ዳር ዙሪያውን በመስመር ተከፋፍሎ በየክፍሉ አበባና የመልካም ምኞት ምልክት ተስሎበታል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ድንጋይ ላይ የቆመ ወፍ ወይም ሚዳቋ ይታያል። የተሠራው በደቡብ ቻይና በጂንግደጀን ከተማ፣ በዋንሊ ንጉሠ ነገሥት ዘመን (1573–1620) እና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሳህን ያልቀዳው የለም። የሆላንዷ ዴልፍት ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ቀዱት፤ በጃፓን የአሪታ ሠሪዎች ቀዱት፤ ዛሬ ደግሞ ራሷ ጂንግደጀን ትቀዳዋለች። ሥዕሉን መቅዳት ቀላል ስለሆነ ሥዕሉን ብቻ የሚያይ ገዢ በቀላሉ ይታለላል። ልምድ ያለው ሰው ሳህኑን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መገልበጥ ነው። ከጀርባው ያለው እያንዳንዱ ምልክት ከአሠራሩ የመጣ ምክንያት አለው፤ አስመሳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው መልኩን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

መቀመጫው ላይ ያለውን ቀለበት እንመልከት። ሠሪው ሳህኑን ቀርጾ ግማሽ ያህል ሲደርቅ መሽከርከሪያው ላይ ደፍቶ ጀርባውን በስለት ይልጠዋል። ስለቱ ግማሽ ደረቅ ጭቃ ላይ እየነጠረ ስለሚሄድ ከመሐል ወደ ዳር የሚፈነጥቁ ቀጫጭን ጨረሮች ይተዋል። በክራክ ሳህኖች ጀርባ እነዚህ ጨረሮች አብዛኛውን ጊዜ ከልባጡ ሥር ሆነው ይታያሉ፤ ብርሃኑን አግድም ካደረጉት በደንብ ይለያሉ። ከዚያ ሳህኑ ሲቃጠል ብርጭቆ የሚሆነው ፈሳሽ፣ ማለትም ልባጡ፣ ይቀባል። ቀለበቱ የሚያርፍበት ጫፍ ግን ተጠርጎ እርቃኑን ይቀራል፤ ካልተጠረገ ከመደቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና። ሳህኑ እሳት የሚገባው በሸክላ ሣጥን ውስጥ፣ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ነው። እሳቱ ልባጡን ሲያቀልጠው የአሸዋው ቅንጣት ቀለበቱ ጠርዝ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ የክራክን እግር በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል፤ ቅንጣቶቹም በጥፍር ቢቧጥጧቸው አይነሱም።

በዚሁ ቦታ ቀለም መመልከት ያስፈልጋል። የጂንግደጀን ጭቃ ትንሽ ብረት አለበት። እቶኑ ሲቀዘቅዝ አየር ይገባና እርቃኑን የቀረው አካል፣ በተለይ ልባጡ በሚያልቅበት ድንበር ላይ፣ ወደ ብርቱካንማ ይለወጣል። ይህ መስመር ቀጭን ነው፤ ወጥም አይደለም፤ አንድ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋል። አስመሳዩ ይህንን ያውቃል፤ ስለዚህ ቡናማ ነገር ይቀባል። የቀባው ግን ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ የአሸዋው ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብዙ ጊዜም በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። እውነተኛው ብርቱካንማ ከጭቃው ውስጥ የወጣ ስለሆነ የትም አይሄድም።

ጀርባው ላይ ሌላም ነገር ይፈለጋል፤ ከቀለበቱ ውስጥ፣ ልባጡ ላይ፣ ጥቂት የነጥብ ጠባሳዎች መኖር አለመኖራቸው። የአሪታ ሠሪዎች ሳህኑ በእሳት እንዳይሰምጥ መሐሉን በትንንሽ የሸክላ ሾጣጣዎች ይደግፉት ነበር፤ ሲነሱ ጠባሳ ይቀራል። ጂንግደጀን ይህን አታደርግም። የክራክ ሥዕል ያለው ሳህን ጀርባው ላይ ጠባሳዎቹ ካሉበት ጃፓናዊ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ይህ ግን ማታለል አልነበረም። የሚንግ መንግሥት በ1644 ወድቆ ቻይና ስትታመስ የሆላንድ ነጋዴዎች ትእዛዛቸውን ወደ ጃፓን አዛወሩ፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአሪታ ሳህን በራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

ወደ ልባጡ እንምጣ። የጂንግደጀን ልባጥ ከተፈጨ የፖርሴሊን ድንጋይ እንዲሁም ከኖራ ድንጋይና ከፈርን ተክል አመድ የተቀላቀለ ነበር። በውስጡ ያለችው ጥቂት ብረት፣ አየር ባጠረው የእንጨት እሳት ውስጥ፣ ልባጡን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ታደርገዋለች። ቀለሙ ልባጡ በሚጠራቀምበት ቦታ፣ ማለትም ቀለበቱ ከሳህኑ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ይጠቁራል። በዛሬው ጋዝ እቶን የወጣ ልባጥ ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ነው።

ከሁሉ በላይ የምተማመነው ግን በሳህኑ ከንፈር ላይ ነው። በክራክ ልባጡና አካሉ ሲቀዘቅዙ የሚኮማተሩት እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ስለታማው ጫፍ ላይ ልባጡ በትንንሽ ቅርፊት እየተነሳ ይወድቃል። ጃፓኖች ይህንን በነፍሳት ከተበላ ነገር ጋር ያመሳስሉታል። ጉድጓዶቹ መጠናቸው ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ ይጠጋጋሉ፣ ሌላ ቦታ አንድም የለም። በውስጣቸው ያለው አካል በዘመን ብዛት አቧራና ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል። አስመሳዩ በመሣሪያ ሲፈነቅል ጉድጓዶቹ እኩል ርቀት ይዘው ይሰለፋሉ፤ ውስጣቸውም አዲስ ነጭ ነው፣ ወይም በግልጽ ቀለም የተቀባ። ጭረትም እንደዚሁ ነው። ሳህን ያገለገለ ከሆነ ጭረቱ መሐሉ ላይ፣ ቢላ በሚያርፍበት ቦታ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ቀለበቱ ጫፍም ተፈግፍጎ ለስልሷል። በአሸዋ ወረቀት የታሸ ሳህን ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሹካም ቢላም በማይደርስበት ስርጉድ ቦታ ሳይቀር ይገኛል።

ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ነው፤ የሚቀባውም ባልተቃጠለው ደረቅ አካል ላይ፣ ከልባጡ በፊት። ብሩሽ ሲነካው ደረቅ ጭቃ ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጠው ሠዓሊው ስህተቱን ማጥፋት አይችልም። መጀመሪያ ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቀጭን ቀለም እየሞላበት ይሄዳል። ይህ የሥራ ክፍፍል በጂንግደጀን የነበሩት ፈረንሳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔር ዳንትረኮል በ1712 በጻፉት ደብዳቤ ተመዝግቧል፤ አንድ ዕቃ በ70 ያህል ሰዎች እጅ እንደሚያልፍ ይናገራሉ። ክራክ ደግሞ ለውጭ ገበያ በጥድፊያ የተሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ መስመሩ ወፍሮ ይጀምርና ቀጥኖ ያልቃል፣ አይንቀጠቀጥም፤ የተሞላው ቀለም ግን ከመስመሩ ውጭ ይፈሳል፣ አንዳንዴም ሳይደርስ ይቀራል። ቀለሙ በአንዱ ክፍል ግራጫ፣ በሌላው ወደ ሐምራዊ ያደላ ሊሆን ይችላል፤ የቻይናው ኮባልት ማዕድን ማንጋኒዝ ስለሚቀላቀለው ወጥ አይደለምና።

ዛሬ የሚቀዳው ሰው በጥንቃቄ ነው የሚሠራው፤ የሚያጋልጠውም ጥንቃቄው ነው። ፎቶግራፍ ፊቱ አስቀምጦ መስመሩን ስለሚከተል ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ይሆናል፤ የተጣራ ኮባልት ስለሚጠቀም ሰማያዊው አንድ ዓይነት ደማቅ ነው። የዴልፍት ሠዓሊም ሌላ ችግር ነበረበት። በክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ምልክቶች፣ በሪባን የታሰረው ቅጠልና የተጠቀለለው መጽሐፍ፣ ምን እንደሆኑ ስለማያውቅ ትርጉም የለሽ ቀለበት አደረጋቸው። ዴልፍትን ለመለየት ግን እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አካሉ ተራ ሸክላ ነው፤ የተሸረፈበት ቦታ ቢጫማ አፈር ይታያል፤ ብርሃን ፊት ሲያነሱትም ብርሃን አያሳልፍም። የክራክ ስስ ግድግዳ ያሳልፋል።

እስቲ አንድ ሳህን እንመርምር፤ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሻጩ «ዋንሊ» ያለው። ፊቱ ላይ ወፍና ስምንት ክፍሎች አሉት። ስንገለብጠው ቀለበቱ ላይ አሸዋ አለ፤ ጥሩ ነው። ብርቱካንማውም አለ፤ ነገር ግን የቀለበቱን ጫፍ ዙሪያውን እኩል ሸፍኗል። እርጥብ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነገር ቀረ። ጀርባው ላይ ጨረር የለም፤ ልስልስ ነው። ይህ ብቻውን አይፈርድበትም፤ ጨረር የሌለው ክራክም አለ። ከንፈሩ ላይ ጉድጓዶች አሉ፤ በአሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር ስናያቸው በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው። ልባጡ የደበዘዘ ነው፤ ሻጩም ከመርከብ ስብርባሪ የወጣ ስለሆነ ነው ይላል። ባሕር በርግጥ ልባጥን ያደበዝዛል፤ በአሸዋ የተቀበረው የዕቃው ጎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተጋለጠው ጎን ያነሰ ይጎዳል። የእኛ ሳህን ፊቱም ጀርባውም እኩል ደብዝዟል፤ ይህ የአሲድ ሥራ ነው። የሥዕሉን አሣሣል እስካሁን አልመረመርንም፤ መመርመርም አያስፈልግም። ሳህኑ አዲስ ነው።

እንዲህ ያለው ማታለል የቆየ ነው። ዳንትረኮል በዚያው ደብዳቤያቸው አስመሳዮች ዕቃውን ቅባት በበዛበት የሥጋ መረቅ ቀቅለው ከአንድ ወር በላይ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ ሲያቆዩት፣ ሲወጣም የሦስትና የአራት መቶ ዓመት ዕቃ እየተባለ ሲሸጥ ገልጸዋል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ድንበር አለው። ብልህ አስመሳይ የተሰበረ እውነተኛ ዕቃን መቀመጫ ቆርጦ አዲስ ግድግዳ ይገጥምበታል፤ ጀርባውን ብቻ ያየ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ እግሩ፣ ልባጡና ቀለሙ የአንድ እሳት ውጤት መሆናቸው መታየት አለበት፤ መገጣጠሚያውም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብዙ ጊዜ ይጋለጣል። ከሥሩ የተጻፈውን የንጉሥ ስም ደግሞ አትመኑ። አብዛኛው ክራክ የንጉሥ ስም የለውም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻም የካንግሺን ስም በአዲስ ዕቃ ላይ መጻፍ የተለመደ ነበር። «ቻይና» ተብሎ በእንግሊዝኛ የታተመበት ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 በኋላ የወጣ ነው፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካ ሕግ የትውልድ አገር እንዲጻፍ ስላስገደደ።

ዓይንን ማለማመድ የሚሻው ቀኑ ከተረጋገጠ ዕቃ ጋር መጀመር ነው። በ1613 ሴንት ሄለና ደሴት አጠገብ የሰጠመችው የሆላንድ መርከብ ቪተ ሌዩ ክራክ ጭና ነበር፤ በ1970ዎቹ ከባሕር ወጥቶ ዛሬ አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስ ሙዚየም ተቀምጧል። ከዚያ ቀን በኋላ ያልተሠራ መሆኑ የማያከራክር ነው። ገበያ ስትሄዱ ደግሞ ሻጩን መቀመጫውን በቀን ብርሃን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ፎቶ ከሆነ የቀለበቱን የቅርብ ፎቶ እንዲልክ። እምቢ ካለ የአዲስ ሳህን ዋጋ ክፈሉ፤ ከዚያ በላይ ግን አትክፈሉ።