«መጠባበቂያ» የሚባለው ገንዘብ የት ነው ያለው?

የአክሲዮን ማኅበራት ዓመታዊ ሪፖርት በአማርኛ ሲታተም «የተጠራቀመ ወጪ»፣ «የዘገየ ገቢ» እና «መጠባበቂያ» የሚሉ መስመሮች ይገኙበታል። የሒሳብ ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው አክሩዋል፣ ዲፈርድ፣ ፕሮቪዥን እያሉ ስለሚግባቡ አይቸገሩም። የሚሳሳተው አማርኛውን እንደተጻፈ የሚያነበው ባለአክሲዮን ነው። ቃል በቃል የተተረጎሙት ሦስቱም ስያሜዎች ገንዘቡ ያለበትን ቦታ በትክክል አያሳዩትም።

በአክሲዮን የተቋቋመ አንድ የግል ትምህርት ቤት እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ቀን ባንክ ውስጥ 7 ሚሊዮን ብር አለ። የሒሳብ መግለጫው የዘገየ ገቢ 6 ሚሊዮን፣ የተጠራቀመ ወጪ 400 ሺህ፣ መጠባበቂያ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይላል። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ባለአክሲዮን ተነስቶ፣ «7 ሚሊዮን በእጃችን አለ፣ 6 ሚሊዮን ገና ይመጣል፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስቀምጠናል፤ ታዲያ ትርፉን ለምን አንከፋፈልም?» ቢል አይፈረድበትም። የተጻፈውን ነው ያነበበው።

ደመወዝ ዘገየ ስንል እጃችን አልገባም ማለታችን ነው። የትምህርት ቤቱ «የዘገየ ገቢ» ግን ገብቷል። ወላጆች ለመጪው ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ሰኔ ላይ አስቀድመው የከፈሉት ሲሆን፣ ከ7 ሚሊዮኑ ውስጥ 6ቱ እሱ ነው። የዘገየው ማስተማሩ ነው። ትምህርቱ እስኪሰጥ ድረስ ትምህርት ቤቱ የወላጆች ባለዕዳ ስለሆነ ቁጥሩ ከዕዳዎች ጋር ተመዝግቧል። «አገልግሎት ያልተሰጠበት ቅድመ ክፍያ» ቢባል ኖሮ ባለአክሲዮኑ ሁለቴ ባልቆጠረው ነበር።

«የተጠራቀመ ወጪ» የሚለው ጉዳቱ ቀለል ይላል። የሰኔ መብራትና የጥበቃ አገልግሎት ሒሳብ ነው፤ አገልግሎቱ ተገኝቷል፣ ክፍያው ሐምሌ ላይ ይፈጸማል። ከዓመት ዓመት የተከመረ ነገር የለውም። አንባቢውን የሚያደናግረው፣ እዚያው ሪፖርት ላይ «የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ» እና «የተጠራቀመ ትርፍ» የሚሉ መስመሮች መኖራቸው ነው፤ እነዚያ እውነትም ዓመታትን ይዘው የመጡ ድምሮች ናቸው። «ያልተከፈለ የዓመቱ ወጪ» ማለት ይበቃ ነበር።

ዋናው ጣጣ ያለው መጠባበቂያ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ያሰናበተው ሠራተኛ ከሶታል፤ ጠበቃው የመሸነፍ ዕድሉ እንደሚያመዝን ነግሮ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ገመተ። የሒሳብ ሹሙ ይህን ያህል ወጪ መዘገበ፣ ትርፉ በዚያው ልክ ቀነሰ፣ በሌላ በኩል ዕዳ ተያዘ። ባንክ የሄደ ሰው የለም፤ አንዲት ብር ከሒሳብ ወደ ሒሳብ አልተዛወረችም። የዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 37 ፕሮቪዥንን የሚፈታው መቼ ወይም ምን ያህል እንደሚከፈል በእርግጠኝነት ያልታወቀ ዕዳ ብሎ ነው። በአማርኛ መጠባበቂያ ስንል ግን ተቆጥሮ የተቀመጠ ነገር ነው የሚታየን።

በባንኮች ሪፖርት ላይ ነገሩ ይብሳል። «ሕጋዊ መጠባበቂያ» ሕጉ በሚያዘው መሠረት ከትርፍ ተቀንሶ የባለአክሲዮኖች ድርሻ ውስጥ የሚቆይ ነው፤ ዕዳ አይደለም። «የአጠራጣሪ ብድሮች መጠባበቂያ» ላይመለስ ይችላል ተብሎ ከብድሩ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ግምት ነው። በብሔራዊ ባንክ የሚቀመጠው የግዴታ መጠባበቂያ ደግሞ በሒሳብ ውስጥ በእርግጥ ያለ ገንዘብ ነው። በአንድ ሪፖርት ውስጥ አንድ ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ከሦስቱ ተቀማጭ ገንዘብ የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው። ለእኔ ፕሮቪዥንን «ለሚጠበቅ ዕዳ የተያዘ ግምት» ማለት፣ ቢረዝምም፣ ይሻላል።

አሁን የትምህርት ቤቱን ሒሳብ እንደገና እንየው። 6 ሚሊዮኑ በመጪው ሩብ ዓመት በመምህራን ደመወዝና በኪራይ አብዛኛው የሚያልቅ ነው። 400 ሺው ሐምሌ ላይ ይወጣል። ክሱ ከተሸነፈ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ይከፈላል። ሦስቱ ሲደመሩ 7 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይሆናሉ፤ ባንክ ያለው 7 ነው። ባለአክሲዮኑ ከ14 ሚሊዮን በላይ የቆጠረው እዚሁ ላይ ነው።

ስያሜው እስኪስተካከል ድረስ አንባቢ ቁጥሩ ከሀብት ጋር ነው ወይስ ከዕዳ ጋር የተቀመጠው ብሎ ማየት ይችላል። ቀጥሎ የመስመሩን የማብራሪያ ቁጥር ይዞ ወደ ኋላ ገጾች መሄድ ነው። ለፕሮቪዥን እዚያ አንድ ሠንጠረዥ አለ፦ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው፣ የተጨመረው፣ ለክፍያ የዋለው፣ ሳያስፈልግ ቀርቶ የተሰረዘው። የመጨረሻዋን መስመር ማለፍ አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ ክሱን ቢረታ 1 ሚሊዮን 200 ሺው ተመልሶ የዚያን ዓመት ትርፍ ያሳድጋል፤ አንድም አዲስ ተማሪ ሳይመዘገብ፣ አንድም ብር ሳይገባ።