ቀመር የሌለው የስበት ትምህርት፦ የሆኪንግ ፏፏቴ

ፕሮፌሰር ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ለንደን በሚገኘው የሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ስለ ጥቁር ጉድጓዶች ንግግር አደረጉ። ንግግሩ የቢቢሲ ዓመታዊ የሪዝ ሌክቸር ነበርና ጥር 26 እና የካቲት 2 ቀን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሁለት ክፍል በራዲዮ ተላለፈ። ራዲዮ ደግሞ ሰሌዳ የለውም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ቀመር ቢነበብለት የሚገባው ነገር የለም፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ምሳሌ ሊሸከመው ግድ ሆነ።

ሆኪንግ የመረጡት ምሳሌ ኒያጋራ ፏፏቴ ላይ ያለ ታንኳ ነው። ከፏፏቴው ራቅ ያለ ቀዛፊ ኃይሉን አሰባስቦ ከቀዘፈ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፤ አንዴ አፋፉን ካለፈ ግን አለቀለት። ጥቁር ጉድጓድም እንዲህ ያለ አፋፍ አለው። እዚያ ላይ ግድግዳም ምልክትም የለም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ብርሃን እንኳ አይመለስም። ወደ አፋፉ በተጠጉ ቁጥር ወራጁ ስለሚፈጥን የታንኳው ፊት ከኋላው ይልቅ በኃይል ይጎተታል፤ በመጨረሻም ታንኳው ሊበጠስ ይችላል። በእግሩ ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወድቅ ሰው ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ እግሩ ከራሱ ይልቅ ይሳባል፣ ሰውየውም እንደ ፓስታ ይረዝማል። የጉድጓዱ ክብደት የፀሐይን ያህል ከሆነ ሰውየው ገና አፋፉ ላይ ሳይደርስ ይበጣጠሳል። የፀሐይን ሚሊዮን እጥፍ የሚመዝን ከሆነ ግን ድንበሩን ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ሲበዛ ግዙፍ ስለሆነ በእግሩና በራሱ መካከል ያለው የስበት ልዩነት እዚያ ላይ ትንሽ ነው። ሆኪንግም ውስጡን ማየት የፈለገ ትልቁን ይምረጥ ብለው ቀልደዋል።

በእንዲህ ያሉ የምሽት ንግግሮች ላይ ከፏፏቴው ይልቅ የሚዘወተረው የተወጠረ ላስቲክ ነው። መሐሉ ላይ ከባድ ኳስ ይቀመጣል፣ ላስቲኩ ይሰረጉዳል፣ ብይ ሲያንከባልሉበት ኳሱን ይዞራል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን ስበትን የሚያስረዳው በራሱ በስበት ነው። ኳሱን ወደ ታች የሚጎትተው የመሬት ስበት ባይኖር ላስቲኩ አይሰረጉድም፣ ብዩም አይንከባለልም። ከዚህ የባሰ ደግሞ ጊዜን ጭራሽ አይነካም። ከእጃችን የተለቀቀ ድንጋይ ወደ መሬት የሚወድቀው በዋናነት ቦታ ስለተጎበጠ ሳይሆን፣ ወደ መሬት በቀረብን መጠን ጊዜ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ነው። ይህ ደግሞ ተለክቷል፤ የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ከፍታው ላይ ስበቱ ስለሚቀንስ ብቻ መሬት ላይ ካለው ሰዓት በቀን 45 ያህል የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ይቀድማል።

ፏፏቴው የተሻለ ምሳሌ ነው የምለው ግን ሒሳብ ስለሚሠራበት ነው። ካናዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ኡንሩህ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦክስፎርድ ባደረጉት ንግግር ላይ፣ እየጮኸ በፏፏቴ የሚወርድ ዓሣ አስቡ ብለው ነበር። ውሃው ከድምፅ በፈጠነበት ቦታ የዓሣው ጩኸት ሽቅብ መውጣት አይችልም፤ ላይ የቀሩት ዓሦች ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ነገር የለም። ኡንሩህ በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንዲህ ባለ ወራጅ ውስጥ ያለ የድምፅ ሞገድ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ያለ ብርሃን የሚታዘዝበትን ዓይነት ቀመር እንደሚከተል አሳዩ። ሆኪንግ በ1974 ጥቁር ጉድጓድ ደካማ ጨረር ይለቃል ብለው ነበር፤ ኡንሩህም ይህኛው የድምፅ ጉድጓድ ተመሳሳይ ነገር መልቀቅ አለበት አሉ።

ሃሳቡን ሃይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን የሚሠሩት ጄፍ ስታይንሃወር ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። የሩቢዲየም አተሞችን ከፍጹም ዜሮ እምብዛም ወደማይርቅ ቅዝቃዜ አውርደው በሌዘር እየገፉ እንዲፈስሱ አደረጓቸው። በዚህ ጉም ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጓዝም፤ ስለዚህ ወራጁን ከድምፅ ማስቀደም ይቻላል። ስታይንሃወር በ2016 ከዚያ አፋፍ የሚወጣ፣ ሆኪንግ የገመቱት ዓይነት ጨረር ማየታቸውን አስታወቁ። ውጤቱ አከራክሯል። ለማንኛውም የታየው የድምፅ ጉድጓድ ነው፤ ከሰማዩ ጥቁር ጉድጓድ የሚወጣ የሆኪንግ ጨረር እስካሁን አልተለካም።

ፏፏቴውም ቢሆን ጉድለት አለው። ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ጠርጎ የሚውጥ ያስመስለዋል። ፀሐይ ዛሬ በእኩል ክብደት ባለው ጥቁር ጉድጓድ ብትተካ ግን መሬት ትጨልማለች፣ ትቀዘቅዛለች እንጂ አትዋጥም፤ በዚያው ምህዋሯ ላይ ትዞራለች። የዚያ ጉድጓድ አፋፍ ከማዕከሉ የሚርቀው 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ መሬት ደግሞ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃለች። ቦታም በእውነት እንደ ውሃ የሚፈስ ነገር አይደለም።

እናም እንዲህ ያለ የሳይንስ ምሽት ላይ ከተገኛችሁ፣ ተናጋሪው ምሳሌው የማይሠራው የት ላይ እንደሆነ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ላስቲክ ይዞ ከመጣ ደግሞ ኳሱን ወደ ታች የሚስበው ምን እንደሆነ ጠይቁት።