11 በመቶ የሚያስገኘው አክሲዮን ለምን ተወደደ?

በኒውዮርክ ገበያ ሁለት አክሲዮኖች አሉ እንበል። አንዱ የመብራት ኃይል ኩባንያ፣ ሌላው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ነው። ሁለቱም ዛሬ በ100 ዶላር ይሸጣሉ። የመብራቱ ከዓመት በኋላ 106 ዶላር እንደሚያወጣ፣ 2 ዶላር የትርፍ ድርሻም እንደሚከፍል ገምተዋል፤ በድምሩ 8 በመቶ። የቺፑ የትርፍ ድርሻ የለውም፤ ዋጋው ግን 111 ዶላር ይደርሳል ብለዋል፤ 11 በመቶ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። የትኛውን ይገዛሉ?

አብዛኛው ሰው የቺፑን ይላል። ስሌቱ ግን ርካሹ የመብራቱ ነው፣ የቺፑ ተወዷል ይላል።

ምክንያቱ ቤታ የሚባለው ቁጥር ነው። ቤታ ጠቅላላ ገበያው ሲወጣና ሲወርድ አንድ አክሲዮን ምን ያህል አብሮ እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ገበያው በ10 በመቶ ሲወርድ በአማካይ 6 በመቶ የሚወርድ አክሲዮን ቤታው 0.6 ነው፤ 16 በመቶ የሚወርደው ደግሞ 1.6። የፋብሪካ ቃጠሎ ወይም የሥራ አስኪያጅ መልቀቅ እዚህ ውስጥ አይገባም። ገንዘቡን በብዙ ኩባንያዎች ላይ የበተነ ሰው የአንዱ ጉዳት በሌላው ትርፍ ይካካስለታል። ገበያው በሙሉ ሲወድቅ ግን መበተን አያድንም፤ ስለዚህ ገበያው ካሳ የሚከፍለው ለዚህኛው ስጋት ብቻ ነው። ዊልያም ሻርፕ ይህን ሐሳብ በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1990 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱም ሆነ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ያለ ስጋት፣ የአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ በመግዛት ብቻ 4 በመቶ ይገኛል እንበል። ጠቅላላው የአክሲዮን ገበያ 9 በመቶ ይጠበቅበታል። ልዩነቱ 5 በመቶ ስጋትን ለመሸከም የሚከፈል ዋጋ ነው። የመብራቱ ቤታ 0.6 ስለሆነ ከ5 ላይ 3 ይደርሰዋል፤ 4 ሲጨመርበት 7 በመቶ። የቺፑ ቤታ 1.6 ነው፤ 8 ሲደመር 4፣ 12 በመቶ። ቤታን በአግድም፣ ትርፉን ወደ ላይ አድርገው ቢስሉት ነጥቦቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ያርፋሉ።

የመብራቱ አክሲዮን 7 በቂው ሆኖ ሳለ 8 ይሰጣል፤ ከመስመሩ በላይ ነው። የቺፑ 12 ሊሰጥ ሲገባው 11 ብቻ ይሰጣል፤ ከመስመሩ በታች ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «በላይ» ሲባል ዋጋው የተሰቀለ ይመስለዋል። መስመሩ የሚለካው ትርፍን እንጂ ዋጋን አይደለም። ትርፉ የበዛው የዛሬው መግዣ ዋጋ ዝቅ ስላለ ነው። የሚጠበቀውን 108 ዶላር በ1.07 ቢያካፍሉት ተገቢው ዋጋ 100.93 ይመጣል። የቺፑ 111 ለ1.12 ሲካፈል 99.11 ነው።

እነዚህን ሁለት ዋጋዎች ልብ ይበሉ፤ ክርክሩ ሁሉ ለአንድ ዶላር እንኳ ለማይሞላ ልዩነት ነው። ቤታ ደግሞ ከድሮ ዋጋ የሚገመት እንጂ በሚዛን የሚለካ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የአምስት ዓመት ወርሃዊ ለውጥ፣ ማለትም 60 ነጥቦች ይወሰዳሉ። ከዚህ የሚወጣው ቤታ በ0.2 ቢሳሳት የሚያስገርም አይደለም። የመብራቱ እውነተኛ ቤታ 0.8 ከሆነ የሚገባው ትርፍ 8 በመቶ ነው፤ ያ «ርካሽ» ያልነው አክሲዮን በትክክለኛ ዋጋው ይሸጥ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ 106 የሚለው የእርስዎ ግምት ነው። ለእኔ የአንድ በመቶ ልዩነት አይቶ መግዛት ከሎተሪ ብዙም አይሻልም፤ አራት አምስት በመቶ ቢሆን ግን ቆም ብሎ ማየት ያዋጣል።

መስመሩ ራሱም እንከን አለበት። ብላክ፣ ጄንሰንና ሾልስ በ1972 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ገበያ ሲፈትሹ፣ እውነተኛው መስመር ሻርፕ ካለው ይበልጥ ጋደል ያለ ሆኖ አገኙት። ዝቅተኛ ቤታ ያላቸው አክሲዮኖች ከተጠበቀው በላይ፣ ከፍተኛ ቤታ ያላቸው ደግሞ በታች ሰጥተዋል። ስለዚህ የመብራቱ አክሲዮን ከመስመሩ በላይ መታየቱ ስለ ኩባንያው ሳይሆን ስለ መስመሩ የሚናገር ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። አንድ አክሲዮን ለቀናት ሳይሸጥ ከቆየ ዋጋው ባለበት ይቆማል፤ በስሌት ሲታይም ቤታው ከእውነተኛው ያነሰ፣ ስጋቱም የቀለለ ይመስላል። እዚህ ቤታ አሰላሁ የሚልዎት ካለ ስንት ወር ዋጋ እንደተጠቀመ ይጠይቁት። አሜሪካ ሆነው በስልክዎ የሚገዙ ከሆነም፣ ያሁ ፋይናንስ ላይ Beta (5Y Monthly) የሚለው ቁጥር ያለፉት አምስት ዓመታት ቤታ ነው፤ የሚመጣው ዓመት አይደለም።