ሁለቴ ማስላት ማጣራት አይደለም

የሊኒየር አልጀብራ አሳይመንቱን ጨርሶ «እስቲ አጣራው» የተባለ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ያንኑ ስሌት ከላይ እስከ ታች በዓይኑ መድገም ነው። ዓይን ግን እጅ የጻፈውን ያምናል። መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት የዘለለ ሰው ሲደግመውም እዚያው ቦታ ላይ ይዘለዋል፤ የተሳሳተው መልስ ሁለቴ ስለመጣ ብቻ ደግሞ ልቡን ሞልቶ ያስረክባል። ማጣራት ማለት መልሱ ላይ በሌላ መንገድ መድረስ፣ ካልሆነም መልሱ የግድ ሊኖረው የሚገባ ባሕርይ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ማትሪክስ እንዲህ ያሉ ባሕርያት ሞልተውታል፤ አብዛኞቹም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስዱም።

በአሳይመንት ላይ የተለመደ ዓይነት ጥያቄ እንውሰድ። ሁለት ማትሪክሶች ተሰጥተዋል፤ `AB` እና `BA` እንዲሁም የሁለቱ ዲተርሚናንት ይፈለጋል።

```
A =  1   2  -1
     3   0   4

B =  2   1
    -1   3
     5   2
```

እርሳስ ከማንሳት በፊት መጠናቸውን ከጎናቸው መጻፍ ይቅደም። ረድፍ ሁልጊዜ ከዓምድ በፊት ይጠራል፤ ስለዚህ `A` 2×3፣ `B` ደግሞ 3×2 ነው። ለ`AB` መጠኖቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው (2×3)(3×2) ይሆናል። መካከል ላይ የተገናኙት ሁለቱ 3ዎች እኩል ስለሆኑ ማባዛት ይቻላል፤ ዳርና ዳር የቀሩት 2 እና 2 የመልሱን መጠን ይነግሩናል። በ`BA` መካከል ላይ የሚገናኙት ሁለቱ 2ዎች ናቸው፤ መልሱም 3×3 ነው። ይህንን አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ ባዶውን ሳጥን ሠርቶ ይጠብቃል፤ ስድስት ቁጥር ይዞ ከመጣ ሒሳቡን ሳያይ ስህተት እንዳለ ያውቃል።

የመጠን ስህተት በተለይ የሚደበቀው ማትሪክሶቹ ካሬ ሲሆኑ ነው። ሁለቱም 3×3 ከሆኑ `AB` ተጠይቆ `BA` የሠራ ሰው መጠኑ ምንም አያስጠነቅቀውም፤ መልሶቹ ግን በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው። በእኛ ምሳሌ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። `det(AB)` ሲጠየቅ «የብዜት ዲተርሚናንት የዲተርሚናንቶች ብዜት ነው» የሚለው ሕግ ትዝ ይልና ተማሪው የ`A`ን ዲተርሚናንት ሊፈልግ ይነሳል። `A` ካሬ ስላልሆነ ዲተርሚናንት የለውም። ያም ሆኖ አንዱን ዓምድ ቆርጦ፣ ወይም የዜሮ ረድፍ ጨምሮ በግድ ካሬ የሚያደርገው አይጠፋም። ሕጉ የሚሠራው ሁለቱም እኩል መጠን ያላቸው ካሬዎች ሲሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ማባዛቱን እንሥራ። `AB` እንዲህ ይወጣል፦

```
AB =  -5   5
      26  11
```

`BA`ን የሠራው ተማሪ ደግሞ ይህን ጻፈ እንበል፦

```
BA =   5   4   2
       8  -2  11
      11  10   3
```

አንዱ ቁጥር ስህተት ነው። ማባዛቱን ሳንደግም እናግኘው። ባለሱቅ ሒሳብ ደብተሩን አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች ደምሮ እንደሚያስታርቀው እኛም በድምር እንገባለን። መጀመሪያ የ`A`ን ረድፎች እንደምር፦ 1+2−1 = 2፣ 3+0+4 = 7። እነዚህን 2 እና 7 በእያንዳንዱ የ`B` ረድፍ እናባዛቸው። የመጀመሪያው ረድፍ 2·2+1·7 = 11፣ ሁለተኛው −1·2+3·7 = 19፣ ሦስተኛው 5·2+2·7 = 24 ይሰጣል። የ`BA` ረድፎች ድምር የግድ እነዚህን መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአንድን ማትሪክስ ረድፎች መደመር ማለት ማትሪክሱን በሙሉ 1 በሆነ ዓምድ ማባዛት ነው፤ `BA`ን በዚያ ዓምድ ማባዛት ደግሞ መጀመሪያ `A`ን አባዝቶ ውጤቱን በ`B` ከማባዛት አይለይም።

የተማሪው ረድፎች ስንት ይደርሳሉ? የመጀመሪያው 5+4+2 = 11 ነው፤ ልክ ነው። ሁለተኛው 8−2+11 = 17 ሆነ፤ 19 መሆን ነበረበት። ሦስተኛው 24 ነው፤ ልክ ነው። ስህተቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው ማለት ነው፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ግን ገና አናውቅም።

ለዚያ ወደ ታች እንደምር። የ`B` ዓምዶች ድምር 2−1+5 = 6 እና 1+3+2 = 6 ነው። እነዚህን በ`A` ዓምዶች ስናባዛ 6·1+6·3 = 24፣ 6·2+6·0 = 12፣ 6·(−1)+6·4 = 18 ይመጣል። የተማሪው ዓምዶች ግን 24፣ 12 እና 16 ናቸው። ሦስተኛው ዓምድ 2 ጎደለው፤ ሁለተኛው ረድፍም የጎደለው 2 ነበር። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው 11 ነው ጥፋተኛው፤ 2 ሲጨመርበት 13 ይሆናል። ወደ ስሌቱ ብንመለስ (−1)(−1)+3·4 ነበር፤ ተማሪው የመቀነስ በመቀነስ ብዜትን −1 ብሎት ኖሯል።

የዚህ ዘዴ ድክመት ስህተቶች ሲጣፉ ይታያል። በአንድ ረድፍ አንዱ ቁጥር በ2 ቢበልጥ፣ ሌላው በ2 ቢያንስ የረድፉ ድምር ምንም አይልም፤ ዓምዶቹ ግን ያጋልጡታል። በአራት ማዕዘን ቅርጽ የተቀመጡ አራት ስህተቶች በሁለቱም በኩል ከተጣፉ ግን ያልፋሉ። በእጅ በተሠራ አሳይመንት ይህ ብርቅ ነው። በኮምፒውተር ለሚባዙ ግዙፍ ማትሪክሶች ግን በሙሉ 1 በሆነ ዓምድ ብቻ መተማመን አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ላትቪያዊው ሩሲንሽ ፍሬይቫልድስ ያቀረበው መላ እዚህ ላይ ይመጣል። በ1ዎች ፈንታ፣ ሳንቲም እንደመወርወር በዕጣ የተመረጡ 0 እና 1 ያሉበትን ዓምድ እንጠቀም አለ። መልሱ ስህተት ከሆነ አንዱ ሙከራ ሳያገኘው የሚያልፍበት ዕድል ቢበዛ ግማሽ ነው፤ አሥር ጊዜ በአዲስ ዕጣ ከተሞከረ ከ1024 አንድ ይሆናል። 1000×1000 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶችን በተለመደው መንገድ ማባዛት አንድ ቢሊዮን ብዜት ሲፈልግ አንዱ ሙከራ ሦስት ሚሊዮን ያህል ይበቃዋል።

ወደ አሳይመንታችን እንመለስ። `AB` እና `BA` መጠናቸው ቢለያይም አንድ የሚጋሩት ነገር አለ። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በሚወርደው ሰያፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ድምር፣ ትሬስ የሚባለው፣ ሁልጊዜ እኩል ነው። በ`AB` −5+11 = 6፣ በ`BA` 5−2+3 = 6። የተማሪው ስህተት ከሰያፉ ውጭ ስለነበር ትሬሱ አልያዘውም፤ ፈጣን ነው እንጂ ብቻውን አይታመንም።

የ`BA` ዲተርሚናንት ግን ይይዘዋል። እያንዳንዱ የ`BA` ረድፍ የ`A` ሁለት ረድፎች ድብልቅ ነው፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው ረድፍ የ`A`ን ፊተኛ ረድፍ ሁለት ጊዜ፣ ኋለኛውን አንድ ጊዜ ወስዶ የተሠራ ነው። ከሁለት ረድፍ ሦስት እርስ በርስ ነጻ የሆኑ ረድፎች ሊወጡ አይችሉም፤ ስለዚህ ዲተርሚናንቱ የግድ 0 ነው። የተማሪውን ማትሪክስ ስናሰላው 12 ይመጣል፤ 13ን ስናስገባ −680+476+204 = 0። ማንኛውም 3×2 በ2×3 ሲባዛ ይህ ፈተና ዝግጁ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን ዜሮ ሲያይ ደንግጦ ስሌቱን «ያስተካክለዋል»።

`det(AB)` −55−130 = −185 ነው። እዚህ የሚሠራው ጥፋት ሁለተኛውን ብዜት በመቀነስ ፈንታ መደመርና 75 ማግኘት ነው። ለማጣራት ቢኔ እና ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጡት ቀመር አለ፤ ከ`A` ሁለት ሁለት ዓምድ፣ ከ`B` ተመሳሳዮቹን ረድፎች ወስዶ የትንንሾቹን ዲተርሚናንቶች ብዜት መደመር ነው። (−6)(7)+(7)(−1)+(8)(−17) = −42−7−136 = −185። ወደዚያው መልስ በሌላ መንገድ ደረስን።

የመጨረሻው ጥያቄ ካሬ ማትሪክስ ነው እንበል፦

```
C =  2   1   3
     4  -1   2
     3   5   1
```

ረድፍ በማቃለል የሚሠራ ተማሪ ክፍልፋይን ይሸሻል። ከሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ይቀንሳል፤ ይህ ዲተርሚናንቱን አይነካውም። ቀጥሎ ሦስተኛውን ረድፍ በ2 አባዝቶ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ይቀንስለታል፤ ይህ ግን ዲተርሚናንቱን እጥፍ አደረገው። መጨረሻ ላይ በ2 ሳያካፍል 98 ይጽፋል።

ጥፋቱን ለማየት ቁጥሮቹ ጎዶሎ ወይስ ተጋማሽ እንደሆኑ ማየት ብቻ ይበቃል። ጎዶሎውን በ1፣ ተጋማሹን በ0 ብንተካ ረድፎቹ 0 1 1፣ 0 1 0 እና 1 1 1 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ዓምድ አንድ 1 ብቻ ስላለው ዲተርሚናንቱ በቃል ይወጣል፤ −1 ነው፣ ጎዶሎ። እንግዲህ የ`C` ዲተርሚናንትም ጎዶሎ መሆን አለበት፤ 98 ተጋማሽ ስለሆነ ወደቀ። በ2 ሲካፈል 49 ይመጣል፤ ትክክለኛው መልስም እሱ ነው።

ይህ ፈተና ግን የምልክት ስህተትን አያይም፤ 1 እና −1 ሁለቱም ጎዶሎ ናቸውና። `C`ን በመጀመሪያው ረድፍ የዘረዘረ ተማሪ ልኩ −22+2+69 ሳለ መካከለኛውን ምልክት ስቶ −22−2+69 = 45 ቢያገኝ፣ 45ም ጎዶሎ ስለሆነ ያልፋል። ያኔ በ3 መካፈልና ቀሪውን መያዝ ይሻላል። እያንዳንዱን ቁጥር በ3 ሲካፈል በሚተርፈው ስንተካ ረድፎቹ 2 1 0፣ 1 2 2 እና 0 2 1 ይሆናሉ። አሁን ሆን ብለን በሦስተኛው ረድፍ እንዘርዝረው፦ −2(2·2−0·1)+1(2·2−1·1) = −8+3 = −5፤ −5 በ3 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 49ም 1 ይተርፈዋል፣ 45 ግን ምንም አይተርፈውም። የምልክት መዘንጋት ልማድ ያለበት ሰው እዚህም −8ን +8 ቢያደርገው 11 ያገኛል፤ ቀሪው 2 ስለሚሆን ከ45 ጋር አሁንም አይስማማም። በመጀመሪያው ረድፍ ደግሞ ቢዘረዝረው ኖሮ ግን ያው ጥፋት −4+1 = −3 ሰጥቶት፣ ቀሪው 0 ሆኖ፣ 45ን ልክ ነው ብሎ ያሳልፈው ነበር።