ፒኑ ቢሰበርም ሲሙ ይወጣል

የሲም ማውጫ ፒን የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን ስለተጫነ ነው። በተለይ ርካሹ ፒን ገና ጫን ሲሉት ይታጠፋል፤ ላቃናው ሲሉት ደግሞ ከአንገቱ ይቀነጠሳል። እጀታው እጅ ላይ ይቀራል፣ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚያደርገው መርፌ ፈልጎ መጎርጎር ነው። ስልኩን ለጥገና የሚዳርገውም ከተሰበረው ፒን ይልቅ ይህ መጎርጎር ነው።

በብዙ ስልኮች ውስጥ፣ ከትሬዩ ጎን፣ ወገቡ ላይ የተሰካች ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ፒኑ አንዱን ጫፏን ወደ ውስጥ ሲገፋው ሌላው ጫፏ ወደ ውጭ ይዞርና ትሬዩን ከኋላው ይገፋዋል። የሚከፈት ቁልፍ ወይም የሚላቀቅ መንጠቆ የለም፤ ትሬዩን የያዘው ጥብቀቱ፣ ውኃ በማያስገቡ ስልኮች ላይ ደግሞ ዙሪያውን ያለው ቀጭን ላስቲክ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ግፊትና ደፍጠጥ ያለ ጫፍ ነው። የመርፌ ጫፍ ምላሷ ላይ አይቆምም፤ ይንሸራተትና አልፏት ይሄዳል።

ሌላው ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር የቀዳዳው ቦታ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ቀዳዳው የተበሳው በትሬዩ ፊት ላይ እንጂ በስልኩ አካል ላይ አይደለም። ትሬዩ ሲወጣ ቀዳዳውም አብሮት ይወጣል፤ ቀዳዳው ላይ የተቀረቀረ ስባሪ ካለም እንዲሁ። ስለዚህ ስባሪውን ለይቶ ለማውጣት የግድ መታገል አያስፈልግም፤ ትሬዩን ማስወጣት ከተቻለ ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ሰፈራችን ያለ አንድ ወጣት ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ሴት የፒኑን እጀታ በአንድ እጇ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ መጣች። ልጁ መጀመሪያ የጠየቃት «እህቴ፣ ከተሰበረ በኋላ በሌላ ነገር ነካክተሽዋል?» ብሎ ነው። እንዳልነካችው ስትነግረው ስልኩን አጠፋው። ስባሪው ብረት ነው፤ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ኤሌክትሪክ ያለበትን ቦታ ሊያገናኝ ይችላል። ከዚያ መብራት አስጠግቶ ቀዳዳውን በማጉያ መነጽር አየ። ስባሪው ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ብቅ ያለ ቢሆን ኖሮ በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ ይስበው ነበር። ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበርና ወረንጦውን መልሶ አስቀመጠው። ለመያዝ መሞከሩ ስባሪውን የበለጠ ከመግፋት በቀር አይጠቅምም።

ያነሣው አግራፍ ነበር። ተራው የወረቀት አግራፍ፣ ትንሹ ዓይነት። የሲም ማውጫ ፒን ውፍረቱ ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሹ አግራፍ ሽቦ ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ ትልልቁ ግን ስለሚወፍር አይገባም። አንዱን እግሩን አቃንቶ በፋብሪካ የተቆረጠውን ጫፍ ተጠቀመ። በጉጠት አዲስ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ላይ ሹል እሾህ ይተዋል፤ እሾሁ ቀዳዳው ላይ ይነክስና ሌላ ችግር ይፈጥራል። ሽቦውን የያዘውም ከጫፉ አጠገብ ነው፤ ከጣቱ አልፎ የሚታየው አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ረጅም ሽቦ ሲገፉት ይጎብጣል፣ ከጎበጠ ደግሞ ኃይሉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ፒኑንም የሰበረው ይኸው ነው።

ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በሽቦው ስባሪውን ከኋላው፣ ቀስ እያለ፣ ግን ሳይቋረጥ ገፋው። ይህ መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ የሚወጣን ነገር ወደ ውስጥ መግፋት ይመስላልና። ነገር ግን ስባሪው ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱን ለምላሷ ያስተላልፋል። ቁም ነገሩ እጅ ላይ የሚሰማው ስሜት ነው። ትክክለኛው ግፊት ትንሽ ይሰጣል፤ ጠንከር ያለ ነገር እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ይሰማል፣ ወዲያውም የትሬዩ ከንፈር በፀጉር ያህል ይነሣል። የእሷ ትሬይ እንዲህ ተነሥቶ ወጣ፤ ስባሪውም ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ አብሮ መጣ።

ስሜቱ እንዲህ ካልሆነ ማቆም ነው። ሽቦው ድንጋይ የነካ ይመስል ምንም የማይሰጥ ከሆነ ስባሪው አግድም ዞሯል ማለት ነው። በተቃራኒው ያለ ምንም ተቃውሞ ዘልቆ ከገባ ምላሷ ተሰብራለች ወይም ከቦታዋ ወጥታለች። በሁለቱም ጊዜ ኃይል መጨመር ትርፉ ጉዳት ነው። ጠጋኙ የስልኩን ጀርባ ከፍቶ ትሬዩን ከውስጥ በኩል ይገፋዋል፤ ስባሪ ውስጥ እንዳለ ግን መንገር አይርሱ።

አንዳንዶች የሽቦ ጫፍ ላይ ሱፐር ግሉ ቀብተው ስባሪውን አጣብቀው ለማውጣት ይሞክራሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አንድ ጠብታ ከተረፈ ትሬዩን ከስልኩ አካል ጋር ያጣብቀዋል። ማግኔትስ? አስቀድመው እጅዎ ላይ በቀረው እጀታ ይሞክሩት፤ እጀታውን ካልሳበ ከዚያው ብረት የተሠራውን ጫፍም አይስበውም። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨትም አያስገቡ፤ እሱም ተሰብሮ ይቀራል። ማንኛውንም ነገር ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ቀዳዳው የማይክሮፎን አለመሆኑን ያረጋግጡ። የትሬዩ ቀዳዳ ዙሪያውን ቀጭን የፍሬም መስመር አለው፤ የማይክሮፎኑ ብቻውን ነው።

ትሬዩ ትንሽ ብቅ ብሎ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ይህ የምላሷ ጥፋት አይደለም፤ ውስጥ የነከሰ ነገር አለ። ዋናው ተጠርጣሪ በመቀስ ወይም በመቁረጫ ያነሰ የድሮ ሲም ነው። ናኖ ሲም 0.67 ሚሊ ሜትር ሲወፍር የቀድሞዎቹ ሲሞች ግን 0.76 ናቸው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፣ ጠባቡ ቦታ ውስጥ ግን ይነክሳል። ከዚህ የባሰው ያለ ሲም ባዶውን የገባ አዳፕተር ነው። የሲሙን ወርቃማ ክፍል የሚነኩት ቀጫጭን ሽቦዎች በአዳፕተሩ ባዶ መሐል ገብተው ይይዙታል፤ በኃይል ሲሳብ ተነቅለው ይወጣሉ፣ ስልኩም ከዚያ በኋላ ሲም አያነብም። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ትሬዩን ትንሽ ወደ ውስጥ መልሶ፣ ከማሸጊያ የተቆረጠ ስስ ፕላስቲክ ሽቦዎቹ ባሉበት ወገን ቀስ አድርጎ ማስገባት ነው። ፕላስቲኩ ሽቦዎቹን ይጫናቸዋል፣ ትሬዩም በላዩ ተንሸራቶ ይወጣል። ፕላስቲኩ አልገባም ካለ አያስገድዱት።

መስመሩ ለአስቸኳይ ጉዳይ ካስፈለገዎት መታወቂያ ይዘው የቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ፤ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ይሰጥዎታል፣ በሌላ ስልክም ይጠቀሙበታል። የተቀረቀረው ትሬይ ጊዜ ወስዶ በሰላም ይውጣ።

ከወጣ በኋላ ትሬዩን መስታወት ላይ አስተኝተው ከጎን ይዩት። ጫፉ ከፍ ብሎ ከታየ ጎብጧል፤ እንዲያው መልሶ ማስገባት ተመልሶ እንዲነክስ መጋበዝ ነው። ለስልኩ ሞዴል የሚሆን አዲስ ትሬይ መለዋወጫ መሸጫ ውስጥ ይገኛል። ላስቲኩም ተቀዶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከተቀደደ ስልኩ ውኃ አያስገባም ብለው እንዳይተማመኑበት።