ከሃያ ደቂቃ ወደ ሰባት

የ20 ደቂቃ የሬዲዮ ትረካ 7 ደቂቃ እንዲሆን ሲፈለግ ከጽሑፉ ሁለት ሦስተኛው ያህል መውጣት አለበት። ተራኪው በደቂቃ 100 ቃል ገደማ የሚያነብ ከሆነ ከ2000 ቃል የሚተርፈው 700 ብቻ ነው። ይህ ቅጽል በመልቀም አይገኝም፤ ሙሉ ክፍሎች መውጣት አለባቸው።

የሐሮማያ ሐይቅ ለምን እንደደረቀ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንውሰድ። ከመቁረጡ በፊት ክርክሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል፦ ሐይቁን ያደረቀው በዋናነት የዝናብ እጥረት ሳይሆን ለመስኖና ለከተማ መጠጥ የሚሳበው ውኃ ከሚገባው መብለጡ ነው። ቀጥሎ በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ አንቀጹ ከዚህ ሐሳብ የትኛውን ክፍል እንደሚደግፍ ይጻፋል። ኅዳጉ ባዶ የሆነ አንቀጽ፣ የዓሣ አጥማጁ ውብ ትዝታም ቢሆን፣ ይወጣል። ስለ ጫት መስኖ ሦስት ገበሬዎች ከተናገሩ፣ ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚናገረው አንዱ ይበቃል።

መነካት የሌለበት ተቃውሞው ነው፤ ብዙ አዘጋጆች ግን ቀድመው የሚያወጡት እሱን ነው። «ደለልስ?» የሚለው ጥያቄ ከነመልሱ ከጠፋ አድማጩ ራሱ ያነሳዋል፣ መልስም አያገኝም። ደለል ሐይቁን እንዳሳነሰው፣ ብቻውን ግን እንዳላደረቀው መናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢፈጅ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ይፈተሻሉ። «ስለዚህ» የሚለው ቃል የወጣውን አንቀጽ ተደግፎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ጽሑፉ በሰዓት መቁጠሪያ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ለእስትንፋስና ለድምፅ ቅጂዎች ቦታ እንዲተርፍም ንባቡ ከ7 ደቂቃ ትንሽ ማነስ አለበት።